ሥራውን የሚዘጋው ማን ነው?

የሥራ መከታተያ ሶፍትዌር አንድ ቡድን የያዛቸው ሥራዎች በሙሉ የሚሰፍሩበት መዝገብ ነው። እያንዳንዱ ሥራ ተራ ቁጥር፣ ርዕስ፣ የተመደበለት ሰው፣ የሚገኝበት ሁኔታ፣ ይፈጃል የተባለው ሰዓትና የቅድሚያ ደረጃ አለው። መዝገቡን የቡድኑ አባላት ሁሉ ያዩታል። ሥራ የማስመዝገብ፣ አስተያየት የመጻፍና ፋይል የማያያዝ ፈቃድ ለሁሉም ቢሰጥ የሚያስከትለው ጉዳት ጥቂት ነው። ጭቅጭቅ የሚያስነሱት ፈቃዶች ሦስት ናቸው፤ ሥራን አልቋል ብሎ መዝጋት፣ የሰዓት ግምትን ማስተካከልና ቅድሚያን መቀየር። ሦስቱም አንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ስለሚታዩ የአንድ ሰው ጉዳይ ይመስላሉ። የእያንዳንዳቸው ትክክለኛ ባለቤት ግን የተለያየ ነው።

ነገሩን በቅርብ ለማየት ሬድማይን የተባለው ሶፍትዌር ይመቻል። ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሆን፣ በነፃ የሚገኝና ማንኛውም ድርጅት በራሱ ሰርቨር ላይ ሊጭነው የሚችል ነው። በሬድማይን ፈቃድ ለግለሰብ በቀጥታ አይሰጥም። መጀመሪያ የሥራ ድርሻ ይፈጠራል፤ ፈቃዶቹ ለሥራ ድርሻው ይሰጣሉ፤ ከዚያ ሰውየው በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ ያንን ድርሻ ይይዛል። ስለዚህ አንዲት ባለሙያ በአንዱ ፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ፣ በሌላው ተራ ፕሮግራመር ልትሆን ትችላለች። ሶፍትዌሩ ሲጫን `Manager`፣ `Developer` እና `Reporter` የሚባሉ ሦስት ድርሻዎችን አዘጋጅቶ ያቀርባል፤ ሥራ አስኪያጅ፣ ሠሪና አስመዝጋቢ እንደማለት ነው።

ብዙ ጀማሪዎች የሚስቱት ፈቃዱ በሁለት ቦታ የሚወሰን መሆኑን ነው። አንደኛው የድርሻው የፈቃዶች ዝርዝር ነው፤ እዚያ ላይ «ሥራ ማረም ይችላል» የሚለው ሳጥን ምልክት ሲደረግበት በሩ በጥቅሉ ይከፈታል። ሁለተኛው የሥራ ፍሰት ሠንጠረዥ ነው። በአስተዳዳሪው ገጽ `Workflow` በሚለው ሥር የሚገኝ ሲሆን ሁለት ክፍሎች አሉት። `Status transitions` የሚለው፣ ድርሻው ሥራን ከየትኛው ሁኔታ ወደ የትኛው ማሻገር እንደሚችል ይወስናል። `Fields permissions` የሚለው ደግሞ ሥራው በአንድ ሁኔታ ላይ ሳለ የትኛው መረጃ ለማንበብ ብቻ እንደሚሆን፣ የትኛው የግድ መሞላት እንዳለበት ይወስናል። እነዚህ ሠንጠረዦች ለእያንዳንዱ ድርሻና ለእያንዳንዱ የሥራ ዓይነት ለየብቻ ይሞላሉ። የስህተት ጥቆማ አንድ ሠንጠረዥ አለው፣ አዲስ ነገር ይጨመርልን የሚል ጥያቄ ሌላ፣ የድጋፍ ጥያቄ ደግሞ ሌላ።

ለምሳሌ ስምንት ሰዎች ያሉበት ቡድን ለአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ሶፍትዌር ይሠራል እንበል። አራቱ ፕሮግራመሮች ናቸው፤ አንዷ የተሠራውን የምትፈትሽ ናት፤ አንዱ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ሁለቱ ችግር የሚያስመዘግቡ የማኅበሩ ሠራተኞች ናቸው። ከማኅበሩ ሠራተኞች አንዱ «ደረሰኝ ላይ የሚታተመው ቀን የፈረንጅ ነው፤ አባላት እየተደናገሩ ነው» ብሎ ያስመዘግባል። ሥራው `New` በሚለው ሁኔታ ይጀምራል። ፕሮግራመሯ ስትይዘው `In Progress`፣ አስተካክላ ስትጨርስ `Resolved` ይሆናል። ተፈትሾ ሲረጋገጥ `Closed` ይባላል፤ ጉድለት ከተገኘበት ወደ `Feedback` ይመለሳል።

እዚህ ላይ `Resolved` እና `Closed` ሁለት መሆናቸው ከንቱ ድግግሞሽ አይደለም። የመጀመሪያው «እኔ የበኩሌን ጨርሻለሁ» የሚል የሠሪው ቃል ነው፤ ሁለተኛው «አይቼዋለሁ፣ በትክክል ይሠራል» የሚል የሌላ ሰው ምስክርነት ነው። በዕድር ገንዘብ የሚይዘው አንድ፣ ሒሳቡን የሚመረምረው ሌላ የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ገንዘብ ያዡ ስለሚጠረጠር አይደለም። ደረሰኙን ያስተካከለችው ፕሮግራመር በራሷ ኮምፒውተር ላይ የመስከረምን ቀን አይታ ትክክል ነው ልትል ትችላለች። ፈታሿ ግን ጳጉሜን ላይ ትሞክረዋለች፤ አሥራ ሦስተኛው ወር ባዶ ሆኖ የሚታተም ከሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው።

ሬድማይን ሲጫን ይዞት የሚመጣው የሥራ ፍሰት ግን ይህን ልዩነት አያስከብርም። ፕሮግራመሩም ሥራውን በቀጥታ `Closed` ማድረግ ይችላል። ብዙ ቡድኖች ሠንጠረዡን ሳይነኩት ለዓመታት ስለሚሠሩበት `Resolved` የሚለው ሁኔታ ለስም ብቻ ይቀራል። ማስተካከያው ቀላል ነው፤ በ`Developer` ሠንጠረዥ ውስጥ በ`Closed` ዓምድ ሥር ያሉት ምልክቶች ይነሳሉ፤ ፈታሽ የሚባል አዲስ ድርሻ ተፈጥሮ ከ`Resolved` ወደ `Closed` እና ከ`Resolved` ወደ `Feedback` የማሻገር ፈቃድ ይሰጠዋል። ፈታሽ የሌለው ቡድን ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። ከዋናው ሠንጠረዥ ሥር ሥራውን ላስመዘገበው ሰው ብቻ የሚሠራ ተጨማሪ ሠንጠረዥ ይገኛል። በእሱ አማካይነት የማኅበሩ ሠራተኛ እሱ ያስመዘገበውን ሥራ ብቻ እንዲዘጋ፣ የባልደረባውን ግን እንዳይነካ ማድረግ ይቻላል። ችግሩን ያየው ሰው መፈታቱን ቢመሰክር ተገቢ ነው፤ ጉዳቱ አስመዝጋቢው ተመልሶ ሳይመጣ ሲቀር ሥራው ሳይዘጋ ለወራት መቆየቱ ነው።

የተዘጋን ሥራ መልሶ የመክፈት ፈቃድም ራሱን ችሎ መታሰብ አለበት። ከ`Closed` የሚነሳ አንድም መሻገሪያ ያልተሰጠው ድርሻ፣ ችግሩ ዳግም ሲከሰት ያለው ምርጫ አዲስ ሥራ ማስመዝገብ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ አንድ ችግር በሦስት የተለያየ ቁጥር ተበታትኖ ይገኛል፤ ቀድሞ የተሞከረው መፍትሔ የተጻፈበት ገጽም ይረሳል። ጊትሃብ በዚህ ረገድ የራሱ ሕግ አለው። አንድ ሰው ያስመዘገበውን ጉዳይ ራሱ ከዘጋው መልሶ መክፈት ይችላል፤ የፕሮጀክቱ ባለቤቶች ከዘጉት ግን አይችልም። ማንም ሊጽፍበት በሚችል የአደባባይ ፕሮጀክት ይህ ያስኬዳል። ደንበኛው ስሙ ታውቆ ውል ተፈራርሞ በሚሠራበት ቦታ ግን ከ`Closed` ወደ `Feedback` የሚመለስ መንገድ ለአስመዝጋቢው ቢተውለት ይሻላል።

የሰዓት ግምት ከመዝጋት የተለየ ጉዳይ ነው። ግምት የሥራው ባለቤት የሚሰጠው ቃል ስለሆነ መጻፍ ያለበት ሥራውን የሚሠራው ሰው ነው። አደጋው የሚመጣው በኋላ ነው። ፕሮግራመሯ የደረሰኙን ሥራ በ6 ሰዓት እጨርሳለሁ አለች እንበል። ቀኑ የሚቀየርበት ኮድ በአራት የተለያዩ ቦታዎች ተደጋግሞ ስለተገኘ 11 ሰዓት ፈጀባት። ሥራውን ልትጨርስ ስትል 6 የሚለውን 11 ብላ ታርመዋለች። ክፋት አስባ አይደለም፤ መዝገቡ ትክክለኛውን እንዲይዝ ፈልጋ ነው። ሆኖም ከዚያ በኋላ በዓመቱ ማጠቃለያ ላይ የተገመተውም 11፣ የፈጀውም 11 ሆኖ ይወጣል። ቡድኑ የቀን መቁጠሪያ ሥራዎችን ከእውነታው በግማሽ ያህል አሳንሶ የመገመት ልማድ እንዳለው የሚያሳየው ማስረጃ ጠፋ ማለት ነው።

እርግጥ ሬድማይን እያንዳንዱን ለውጥ በሥራው ገጽ ታች ይመዘግባል፤ ማን፣ መቼ፣ ከስንት ወደ ስንት እንደቀየረው ይታያል። ሆኖም መቶ ሥራዎችን የሚደምር ሪፖርት የሚያነበው አሁን ያለውን ቁጥር እንጂ ታሪኩን አይደለም። ስለዚህ ግምትን ሥራው እስኪጀመር ክፍት አድርጎ ከዚያ በኋላ መቆለፍ ይመረጣል። በ`Fields permissions` ገጽ ላይ `Estimated time` የሚለው መረጃ ለ`Developer` በ`New` ጊዜ እንዳለ ይተዋል፤ ከ`In Progress` ጀምሮ ግን `Read-only` ይደረጋል። የፈጀው ሰዓት በሌላ ቦታ ስለሚመዘገብ ሁለቱ አይጋጩም። ጂራ ይህንን በአሠራሩ ውስጥ አስቀድሞ አስቦበታል፤ የመጀመሪያውን ግምትና የቀረውን ጊዜ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይይዛል። በሌላ በኩል ጂራ ለእያንዳንዱ መረጃ የተለየ የማረም ፈቃድ የለውም። ሥራን ማረም የሚችል ሰው ማረሚያው ገጽ ላይ ያለውን ሁሉ ማረም ይችላል። ግምትን መጠበቅ የሚፈልግ አስተዳዳሪ ያንን መረጃ ከማረሚያው ገጽ ላይ ማንሳት ይኖርበታል።

ሥራ አስኪያጁስ ግምት ይቀይር? ብዙ ቦታ ይቀይራል፤ ሁሉም ነገር የተፈቀደለት ስለሆነ ማንም አይጠይቅም። ፕሮግራመሩ 16 ሰዓት ያለውን፣ ለደንበኛው የተሰጠው ቀን ስለቀረበ 8 ያደርገዋል። ሥራው ግን ቁጥሩ ስለተቀነሰ አያጥርም፤ ፕሮግራመሩም ለሚቀጥለው ጊዜ 32 ብሎ መጻፍን ይማራል። ስለዚህ የ`Estimated time` ቁልፍ ለሥራ አስኪያጁም በሁሉም ሁኔታዎች ላይ ቢደረግ መልካም ነው። ግምቱ የበዛ ከመሰለው በአስተያየት መስጫው ላይ ይጠይቃል፤ መልሱም እዚያው ተጽፎ ይቀራል። ሥራው በመሀል እየሰፋ ከሄደ፣ ለምሳሌ ማኅበሩ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይታተምልን ካለ፣ የድሮውን ግምት ከመነካካት አዲሱን ጥያቄ የራሱ ግምት ያለው ንዑስ ሥራ አድርጎ ማስመዝገብ የጠራ ነው።

ቅድሚያ ደግሞ የሠሪውም የአስመዝጋቢውም አይደለም። በሬድማይን ያሉት ደረጃዎች አምስት ናቸው፤ `Low`፣ `Normal`፣ `High`፣ `Urgent` እና `Immediate`። ለአስመዝጋቢ ክፍት ሲሆኑ ምን እንደሚከተል ማንም ይገምታል። ደንበኛው ሁለት ጊዜ `High` ብሎ ቶሎ ካልተሠራለት ሦስተኛውን `Urgent` ይላል፤ ብዙም ሳይቆይ ከ`Urgent` በታች የሚመዘገብ አይኖርም። ደንበኛው አልዋሸም፤ የእሱ ችግር ለእሱ በእርግጥ አስቸኳይ ነው። ቅድሚያ ግን አንድን ሥራ ከሌሎች ጋር ማወዳደር ነው፤ ሌሎቹን ሥራዎች የማያይ ሰው ደግሞ ሊያወዳድር አይችልም። ውሳኔው የሚገባው አንዱን በማስቀደሙ ሌላው ሲዘገይ መልስ ለሚሰጥ ሰው ነው፤ በዚህ ቡድን ያ ሰው ሥራ አስኪያጁ ነው።

አስመዝጋቢውን ሙሉ በሙሉ አፍ ማስያዝም አይሆንም፤ ችግሩ ምን ያህል እንደሚጎዳው የሚያውቀው እሱ ነው። ከድሮዎቹ መከታተያዎች አንዱ የሆነው ባግዚላ ሁለቱን ነጣጥሎ ይይዛል፤ የጉዳቱ ክብደት አንድ መረጃ ነው፣ ቅድሚያው ሌላ። አስመዝጋቢው በሚያስመዘግብበት ጊዜ ቅድሚያውን መምረጥ ይችል እንደሆነ የሚወስን `letsubmitterchoosepriority` የሚባል ማስተካከያም አለው። በሬድማይን ተመሳሳይ ነገር ለማግኘት «ክብደት» የሚል ተጨማሪ መረጃ መፍጠርና ለአስመዝጋቢው መክፈት፣ `Priority` የሚለውን ደግሞ በሁሉም ሁኔታዎች `Read-only` ማድረግ ይቻላል። አዲስ ሥራ ያኔ በ`Normal` ይጀምራል፤ ሥራ አስኪያጁ ክብደቱን አይቶ ቅድሚያውን ይወስናል።

ይህ ቁልፍ ግን በጓሮ በር ሊታለፍ ይችላል። ሬድማይን የአንድን ዋና ሥራ ቅድሚያ ከንዑስ ሥራዎቹ አስልቶ እንዲወስድ ሊደረግ ይችላል፤ ካልተዘጉት ንዑስ ሥራዎች የትልቁን ይወስዳል። ደግሞም ቁልፉ ለእያንዳንዱ የሥራ ዓይነት ለየብቻ የሚደረግ ነው። አስተዳዳሪው የስህተት ጥቆማን ቆልፎ የድጋፍ ጥያቄን ከረሳ፣ ንዑስ ሥራ የመፍጠር ፈቃድ ያለው አስመዝጋቢ በተቆለፈው ሥራ ሥር አንድ የድጋፍ ጥያቄ `Immediate` ብሎ ይከፍታል። ከላይ ያለው ሥራ ማንም ሳይነካው ወደ `Immediate` ከፍ ይላል። ሥራ አስኪያጁ «ማን ቀየረው?» እያለ ታሪኩን ሲያገላብጥ የሚውለው በዚህ ጊዜ ነው። መድኃኒቱ በ`Settings` ገጽ፣ `Issue tracking` በሚለው ሥር የዋና ሥራ ቅድሚያ ከንዑስ ሥራዎች ነፃ እንዲሆን ማድረግ ነው።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስተው ግን አንድ ሰው ሁለት ድርሻ ሲይዝ ነው። ፈታሿ የዓመት ዕረፍት ወጣች እንበል፤ ከፕሮግራመሮቹ አንዷ እንድትተካት የፈታሽ ድርሻ ተጨመረላት። በሬድማይን ፈቃዶች ይደመራሉ እንጂ አይቀናነሱም። ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሷ የሠራችውን ሥራ ራሷ መዝጋት ትችላለች፤ «ከሠሪው በቀር ሌላ ሰው ይዝጋው» የሚል ክልከላ በሠንጠረዡ ውስጥ የሚጻፍበት ቦታ የለም። ሁለተኛው ውጤት ይበልጥ የተደበቀ ነው። የአንድ መረጃ ቁልፍ የሚጸናው ሰውየው በያዛቸው ድርሻዎች ሁሉ ላይ ሲኖር ብቻ ነው። `Estimated time` ለ`Developer` ተቆልፎ ለፈታሹ ካልተቆለፈ፣ ሁለቱን ለያዘችው ፕሮግራመር ጨርሶ ክፍት ይሆናል። ፈታሿ ግምት ስለማትጽፍ መረጃውን ለእሷ መቆለፍ ማንም ትዝ አላለውም፤ ቀዳዳው የተፈጠረውም በዚህ ነው። ድርሻ በቡድን ስም ሲሰጥ ነገሩ ይወሳሰባል፤ ከሰውየው ላይ በግል የተሰጠው ድርሻ ቢነሳም በአባልነቱ ያገኘው አብሮት ይቀራል።

አስተዳዳሪ የሚባለው ተጠቃሚ ከዚህ ሁሉ ይሻገራል። በሥራ ፍሰት ሠንጠረዥ ላይ እንደ ሁሉም ድርሻዎች ባለቤት ስለሚቆጠር ለማንም የተፈቀደ መሻገሪያ ሁሉ ለእሱም ተፈቅዷል፤ ለአንዱ ድርሻ እንኳ ክፍት የሆነ መረጃ ለእሱም ክፍት ነው። በመሆኑም ሥራ አስኪያጁ በዕለት ሥራው በአስተዳዳሪ ስም መግባት የለበትም፤ ለዕለት ሥራ አንድ፣ ለማስተካከያ ሌላ መግቢያ ቢኖረው ይሻላል። በአንድ ቡድን ውስጥ የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል ለአራት ሰው ታውቆ ከተገኘ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ሠንጠረዡ ከመጠን በላይ ጠብቆ መቆለፉ ነው። ሰው ሥራው ሲታገድበት የሚያልፍበትን መንገድ ይፈልጋል።

ፈቃዱ ከልክ በላይ መጥበቁም ሆነ መላላቱ ከመዝገቡ ላይ ይነበባል። በ`Resolved` ላይ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆዩ ሥራዎች ከተከማቹ የመዝጋት ፈቃድ ያላቸው ሰዎች አንሰዋል፤ ምናልባትም ያ ሰው አንድ ብቻ ነው። ግምትና የፈጀው ሰዓት በሁሉም ሥራ ላይ እኩል ከሆነ ግምቱ ከሥራው በኋላ እየታረመ ነው፤ እንዲህ ልክክ የሚል ግምት የለም። ቅድሚያቸው ሁሉ አንድ ዓይነት ከሆነ ደረጃው ትርጉሙን አጥቷል። አስተያየት መስጫው «እባክህ ይህን ዝጋልኝ» በሚል ጥያቄ ከተሞላ ደግሞ ትክክለኛው ሰው ትክክለኛው ፈቃድ የለውም።

ሠንጠረዡን ከሞሉ በኋላ መፈተሽ ያስፈልጋል፤ የሬድማይን የፈቃዶች ሪፖርት የሚያሳየው የመጀመሪያውን ዝርዝር እንጂ የሥራ ፍሰቱን አይደለም። የሥራ ፍሰቱ ማጠቃለያ ገጽ ለእያንዳንዱ ድርሻና የሥራ ዓይነት ስንት መሻገሪያ እንደተፈቀደ ይቆጥራል። አዲስ የሥራ ዓይነት ተጨምሮ ሠንጠረዡ ሳይሞላ ከቀረ እዚያ ላይ ባዶ ሆኖ ይታያል፤ በዚያ ዓይነት የተመዘገበ ሥራም ካለበት ሁኔታ አይንቀሳቀስም። አስተማማኙ መንገድ ግን ለእያንዳንዱ ድርሻ አንድ የሙከራ ተጠቃሚ ፈጥሮ የደረሰኙን የመሰለ አንድ ሥራ ከ`New` እስከ `Closed` ማሳለፍ ነው፤ በየደረጃው የትኛው መረጃ እንደሚታረም፣ የትኛው ሁኔታ በምርጫው ውስጥ እንደሚታይ መጻፍ። ሁለት ድርሻ አጣምሮ የሚይዝ ሰው ካለ ለእሱም አንድ የሙከራ ተጠቃሚ ያስፈልጋል።

አንዳንድ ጊዜ ፈቃዱ ሁሉ ትክክል ሆኖ ሥራው አልዘጋ ይላል። ሌላ ያልተዘጋ ሥራ እንዲያግደው ተደርጎ ከተያያዘ፣ እገዳው እስኪነሳ `Closed` የሚለው ከምርጫው ውስጥ አይታይም። አስተዳዳሪው ሠንጠረዡን ለመነካካት ከመቸኮሉ በፊት የሥራውን ተያያዥ ሥራዎች ማየት አለበት። ሠንጠረዡን የነካ እንደሆነም ቀኑን፣ የቀየረውንና ምክንያቱን በሌላ ቦታ ጽፎ ያስቀምጥ። የሥራዎቹ ታሪክ የሚመዘግበው በሥራዎቹ ላይ የተደረገውን ለውጥ ነው፤ የፈቃድ ሠንጠረዡ መለወጥ እዚያ ላይ አይሰፍርም።